ከጥያቄው ሥር የተቀመጠችው ልብ

ቴፕ ነው የሚሏት። እናቷ ያወጣችላት ስም አለ፣ ግን በሱ የሚጠራት ባንክ ቤት ብቻ ነው። ቴፕ የተባለችው የሰማችውን ስለምትቀዳ ነው። አንድ ሰው መጥቶ ሁለት ዳቦ ገዝቶ ይሂድ፣ በሩ ከመዘጋቱ ቴፕ ሰውየውን ሆና ቁጭ ነው። ሳሉ፣ ጉሮሮ ጠረጋው፣ "እ... እንትን... ትኩስ ነው?" የሚለው ማመንታቱ፣ ሁሉም እዚያው ይጫወታል።

ትምህርት ያቋረጠችውም በዚሁ ጦስ ነው። ስምንተኛ ክፍል እያለች ከበር ውጭ ቆማ በሒሳብ አስተማሪው ድምፅ "ዛሬ ፈተና የለም፣ ሂዱ!" አለችና ክፍሉን በሙሉ ወደየቤቱ ሰደደችው። ወላጅ አምጪ ተባለች። ወላጅም አላመጣች፣ እሷም አልተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜዋ ከመስታወት ሳጥን ኋላ ነው ያለፈው፣ ዳቦ እየጠቀለለች፣ ኬክ በካርቶን እያሰረች፣ ሰው እየቀዳች።

ዳቦ ቤቱ ጠባብ ነው። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በሩን በጀርባው ይዞ ይቆማል። ፊት ለፊት የኬክ መስታወት፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ምድጃ። ባለቤቷን ሁሉም "እትዬ" ይሏታል። እትዬ ሰፊ ሴት ናት፣ ድምፅዋም ሰፊ ነው። ትሪ ከምድጃ በወጣ ቁጥር "ትሪ ነው! ማንም እንዳይነካ!" ስትል መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ሳይቀር እጁን ይሰበስባል። ኬክ ሠሪው ደግሞ ተቃራኒዋ ነው። ጋሼ ይባላል፣ ከዱቄቱ ጋር ነው የሚያወራው፣ ከሰው ጋር ሲሆን "እህ" ይበቃዋል። ቴፕ ሁለቱንም ትቀዳቸዋለች። እትዬ ስትሰማ ትስቃለች። ጋሼ "እህ" ይላል።

የኢንስታግራሙ ሥራ ለቴፕ የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው። እትዬ ስልክ ገዝታ፣ ለዳቦ ቤቱ ገጽ አስከፍታ፣ ራሷ መጻፍ ጀመረች። "ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ኬክ መኖሩን በአክብሮት እንገልጻለን" ብላ ለጠፈች። ላይክ ያደረገችው የገዛ እህቷ ብቻ ነበረች። ቴፕ አይታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እትዬ፣ ይሄ እኮ የቀብር ማስታወቂያ ነው የሚመስለው!"

"እንግዲያስ አንቺ ጻፊው፣ አፈኛ!" አለቻትና ስልኩን ወረወረችላት።

ቴፕም ኬኩን ሆና ጻፈች። ምን አለ፣ ሰው ሆና የኖረች ልጅ ኬክ መሆን ያቅታታል? የቸኮሌቱ ኬክ ጉረኛ ሆነ፣ የቫኒላው ዓይን አፋር፣ የእንጆሪው ደግሞ ሁሌም አኩርፎ የሚቀመጥ። ሰዉ ወደደው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወረፋው ከበሩ አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። ገና ሲገቡ "ያ ጉረኛው አለ?" ይላሉ። የእትዬ የእህት ልጅ፣ የኮምፒውተር ተማሪው፣ አንድ ቀን መጥቶ ምክር ጨመረላት፤ "ሰው ኮሜንት ሲያደርግልሽ ዝም አትበዪ፣ ሁሉንም ላይክ አድርጊለት። ልብ ያየ ሰው ተመልሶ ይመጣል፣ ገጹም ይንቀሳቀሳል።" ከዚያ ወዲህ ቴፕ ልብ በመስጠት የታወቀች ሆነች። ለሰደባትም ትሰጣለች።

አሁን ወደ ነገሩ።

በዚያ ሳምንት ጋሼ አዲስ ኬክ አወጣ። ሙዝ ያለበት፣ መሃሉ ካራሜል፣ ከሥሩ ደግሞ ለስላሳ ክሬም። ቴፕ ቀመሰችው፣ ዓይኗ ተከደነ። "ጋሼ፣ ክሬሙ ውስጥ ምንድን ነው?"

"እህ" አለ ጋሼ። ወንፊቱን እያራገፈ፣ "ኦቾሎኒ። ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በወንፊት አሳልፌ። አይታይም።"

እትዬ በጣቷ ጠረገችና ላሰች። "አይታይም ብቻ? ከቶ አይታወቅም! ስሚ አንቺ፣ ይሄንን እንዳትናገሪ። ምስጢር እናድርገው። ይገምቱ!"

ሐሙስ ከሰዓት ቴፕ ኬኩን መስኮቱ አጠገብ አስቀምጣ ፎቶ አነሳችው፣ ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

"ሰላም ጎረቤቶች! እኔ አዲሱ የቅዳሜና እሁድ ኬክ ነኝ 🍌 ከላዬ ሙዝ፣ ከመሃሌ ካራሜል፣ ከሥሬ ደግሞ... አልናገርም! 🤫 ብትኮረኩሩኝም አልናገርም! ምን እንደደበቅኩ ገምታችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ቀድሞ ላገኘ አንድ ቁራጭ በነፃ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነኝ። ሰኞ መጥታችሁ ብታለቅሱ መሐረብ እንጂ ኬክ የለም።"

ለጥፋው፣ የዳቦ ቤቱን ስልክ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስትመጣ ኮሜንቱ ጎርፍ ሆኗል። ቡና! ሰሊጥ! የቀድሞ ፍቅረኛዬ! ማር! የተሸሸገ ግብር! ቴፕ ደስ አላት። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ በአንድ እጇ ብረቱን ይዛ፣ በሌላው አውራ ጣቷ ልብ፣ ልብ፣ ልብ፣ ልብ እያለች ሁሉንም አዳረሰች። አላነበበችም። ማን ያነባል? አውቶቡሱ ሲነቀነቅ ጣቷ ብቻ ነው የሚሠራው።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ ሞላ። የሙዙ ኬክ በቁራጭም በሙሉም እየወጣ ነው። ከመሃላቸው የሞተር ሄልሜት በብብቱ የያዘ አንድ ረጅም ሰው ገባ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ሰክቶ ነው የሚያወራው።

"እህቴ፣ ያ ሙዙ፣ ኢንስታግራም ላይ ያለው። ሙሉውን" አላት ለቴፕ። "ለእህቴ ልጅ ልደት ነው። ስድስት ሻማም ስጪኝ።" ከዚያ ወደ ስልኩ፣ በአፍንጫው፣ "እሺ እሺ እሺ፣ ይዤዋለሁ አልኩሽ!" እያለ ገንዘቡን አስቀመጠ፣ ካርቶኑን አነሳ፣ እያወራ መጣ፣ እያወራ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ቴፕ ሄልሜት እንደያዘ ሰው ክንዷን ቆልምማ፣ አንገቷን ሰብራ፣ "እሺ እሺ እሺ! ፊኛውን ግን ሌላ ሰው ይንፋው፣ እኔ ሳንባ የለኝም!" አለች። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ከመጋረጃው ኋላ ጋሼ እንኳ "እህ" ያለው የሳቅ እህ ነበር።

ሰዉ ሲቀልል እትዬ "በይ አሸናፊውን ፈልጊ፣ ቁራጩን ላስቀምጥለት" አለች። ቴፕ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ኮሜንቱን ከታች ወደ ላይ ትገፋው ጀመር። ኦቾሎኒ ያለ ሰው ነው የምትፈልገው። አንዱን አገኘች፣ "ኦቾሎኒ መሆን አለበት" ይላል። ከሱ የቀደመ ይኖር ይሆን ብላ ቀጠለች። አለ። የሱፍ አበባ ፎቶ ያለበት ገጽ ነው፣ ሰው አይታይበትም። እንዲህ ይላል፦

"ለልጄ ልደት ልወስድ ነበር። ኦቾሎኒ የለውም አይደል? ልጄ ኦቾሎኒ ከነካው መተንፈስ ያቅተዋል። ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ነው ያደርነው። እባካችሁ መልሱልኝ።"

ከሥሩ ልብ አለ። ቀይ። የዳቦ ቤቱ ልብ። የሷ ልብ።

ቴፕ መጀመሪያ አልገባትም። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ከበርጩማው ተነሳች።

የሄልሜቱ ሰው። ስድስት ሻማ። የእህቴ ልጅ።

"አይሆንም" አለች በሹክሹክታ። "ሌላ ሰው ነው። ሌላ ልደት ነው።" ራሷን ልታታልል ሞከረች፣ አልሆነም። ዛሬ ሙሉ የሙዝ ኬክ በሻማ የወሰደ ሌላ ሰው የለም፣ እሷ ናት ሁሉንም ያሰረችው።

መልስ ጻፈች፤ "አለው! ኦቾሎኒ አለው! እንዳይበላ!" ከኮሜንቱ ሥር ላከችው። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ገጽ ገባች። ተቆልፏል። መልእክት ላከች፤ ያልተፈቀደለት ሰው መልእክት ስለሆነ ከጥያቄዎች ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ሴትዮዋ ካልከፈተችው አታየውም። ልትደውል ሞከረች፣ ስልኩ እምቢ አለ። ልጁ ልደቱን እያከበረ ነው፣ የትኛዋ እናት ናት በዚህ ሰዓት ተቀምጣ ኢንስታግራም የምታይ?

አሁን ለእትዬ መናገር አለባት። ይሄ ደግሞ ራሱን የቻለ ፍርሃት ነው። ለአንድ አፍታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮሜንቱን አጥፍታ ዝም ልትል አሰበች። ልቡን ማንሳት ይቻላል፣ አንዴ ጫን ነው፣ ይጠፋል። ማንም አያውቅም። ጣቷ ልቡ ላይ ሄደች። እዚያው ቆመች። ልጁ አንድ ጉርሻ ሲጎርስ ታያት፣ ፊቱን የማታውቀው ልጅ፣ ሻማ ፊት የቆመ።

"እትዬ!" ብላ ጮኸች። "እትዬ፣ ልጅ ልገድል ነው!"

እትዬ መጋረጃውን ገፍታ ወጣች፣ ከኋላዋ ጋሼ። ቴፕ ስልኩን ዘረጋችላት። እትዬ መነጽሯን ፈለገች፣ ራሷ ላይ ነበር፣ አወረደችው፣ አነበበች። ሰፊው ፊቷ አመድ መሰለ። ቴፕ ስድቡን ጠበቀች። እትዬ ግን አልተሳደበችም፣ ይሄ ደግሞ የበለጠ አስፈራት።

"ያ ሞተረኛ ነው?"

"አዎ።"

"ስልክ ቁጥር?"

"አልሰጠም። በካሽ ነው የከፈለው።"

"የት ነው አለ ልደቱን?"

"አላለም! ለእኔ አልነገረኝም!"

ጋሼ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ቆሟል። ድንገት ተናገረ። ጋሼ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር መስማት ራሱ ያስደነግጣል። "በስልክ ሲያወራ ነበር። አንቺ ቀድተሽዋል። አጫውቺው።"

"ያኔ እኮ ለሳቅ ነው ጋሼ፣ መጨረሻውን ብቻ ነው ያልኩት፣ የሚያስቀውን..."

"ከመጀመሪያው አጫውቺው።"

ቴፕ ዓይኗን ጨፈነች። የሚያስቀው ወዲያው ይመጣላታል፣ የቀረው ግን ድምፁ ከመነሻው ካልተነሳ አይመጣላትም። ክንዷን ቆለመመች፣ እንደ ሄልሜት። አንገቷን ሰበረች። በአፍንጫዋ ጀመረች፣ እንባዋ እየወረደ፤ "ያ ሙዙ... ኢንስታግራም ላይ ያለው... ሙሉውን። እሺ እሺ እሺ፣ ይዤዋለሁ አልኩሽ! ... አሁን እመጣለሁ... ደረጃ ነው ወይስ ሊፍት አለው? ... አልጋ ከሚሸጡት በላይ? ... እሺ እሺ እሺ፣ ፊኛውን ግን ሌላ ሰው..."

"አልጋ ከሚሸጡት በላይ!" አለች እትዬ። "ከአደባባዩ ማዶ ያለው ፎቅ ነው፣ ላዩ ላይ የልጆች መጫወቻ አለ! የእህቴን የልጅ ልጅ ወስጃለሁ! ሩጪ! ምን ትቆሚያለሽ? እኔን ጉልበቴ አያደርሰኝም፣ ሩጪ አንቺ ልጅ! ስልኩን እዚህ ተዪው፣ ሴትዮዋ ከመለሰች እኔ አናግራታለሁ!"

ቴፕ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ እግሬ አውጪኝ አለች።

መንገዱን በሌላ ቀን ብትሄደው ስድስት ሰው ትቀዳበት ነበር። ሎተሪ ሻጩ "ተይ እህቴ፣ ዕድልሽን ጥለሽ አትሩጪ!" አላት፣ አልሰማችም። የጫማ ሱቁ ልጅ "ቴፕ! ማን አባረረሽ?" አለ፣ አላየችውም። የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያቺ ትንሽ ቀይ ልብ። በሄደችበት ትቀድማታለች፣ ከትራፊክ መብራቱም ላይ አለች፣ ከመኪናዎቹ ኋላም አለች። መብራቱ ቀይ ነው፣ መኪናው ይጎርፋል፣ አንዱ ሹፌር በመስኮት ወጥቶ ሰደባት፣ እሷ መሃል ገብታለች።

ስልክ የላትም። ሴትዮዋ መልሳ ይሆናል፣ "ደህና ነው፣ አይተነዋል" ብላ ይሆናል፣ ቴፕ አታውቅም። ወይም ደግሞ አሁን ይሄኔ... ወይም አሁን... እንደዚያ ማሰቧን ማቆም አልቻለችም። በየእርምጃው ልጁ አንዴ ይጎርሳል፣ አንዴ ይድናል።

አልጋ የሚሸጡት ፎቅ ጋ ደረሰች። ፍራሾቹ መንገድ ላይ ቆመዋል። ሊፍቱ "አይሠራም" ተብሎ ተለጥፎበታል። ደረጃውን በአራት እግሯ ነው የወጣችው ማለት ይቻላል። ወደ ላይ በቀረበች ቁጥር ሙዚቃው ይጨምራል፣ የልጆች ጩኸት፣ ፊኛ የሚፈነዳ። ፊኛው በፈነዳ ቁጥር ሁለት ሁለት ደረጃ ትዘላለች።

በሩን ገፋችው። ትልቅ ክፍል፣ በአየር የተነፋ ቤተ መንግሥት፣ የሚዘሉ ልጆች፣ ግድግዳውን ተደግፈው ጫማ የያዙ እናቶች። መሃል ላይ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ኬኩ፣ የጋሼ ኬክ። ሄልሜቱ ያለው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ሻማ እያበራ ነው። ከፊቱ የወረቀት ዘውድ የደፋ ልጅ። ከአጠገቡ ቢላ የያዘች ሴት።

ቴፕ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። የሰው ሁሉ ድምፅ ያላት ልጅ የራሷ ጠፋባት። ትንፋሽ ብቻ፣ ሲሲሲ የሚል፣ እንደሚፈስ ጎማ። ሴትዮዋ ቢላውን አነሳች። ቴፕ እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ትንፋሽ። ቢላው ወረደ።

ከዚያ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው፣ ከሆዷ ሥር፣ የእትዬ ድምፅ ወጣ።

"ማንም እንዳይነካ!"

ሙዚቃው አልቆመም፣ ሰዉ ግን ቆመ። ልጆቹ በአየር ላይ ሳሉ የቆሙ ነው የሚመስለው። የሰውዬው ክብሪት ጣቱ ላይ እስኪደርስ ነደደ፣ "ኧረ!" ብሎ ጣለው።

"ኦቾሎኒ አለው" አለች ቴፕ፣ አሁን በራሷ ድምፅ፣ በቀጭኗ። "ክሬሙ ውስጥ። እኔ ከዳቦ ቤቱ ነኝ። ኦቾሎኒ አለው።"

ሴትዮዋ ቢላውን ለቀቀችው። ልጁን በሁለት ክንዱ ይዛ ከጠረጴዛው ሳበችው፣ ዘውዱ ወደቀ። ቴፕ ያን ጊዜ ነው ያየችው። ከኬኩ ጎን፣ ከታች፣ ክሬሙ ላይ፣ ጣት የሄደበት ቦይ አለ። አንድ ሰው በጣቱ ጠርጎ ልሷል።

እናቲቱም አየችው።

"ነክተሃል?" አለችው ልጁን። "ማሙሽ፣ እየኝ፣ ነክተሃል?"

ልጁ ወደ እናቱ ቀና አለ። ከንፈሩ ላይ ቡናማ ነገር አለ። ዓይኑ እየተንከራተተ ነው፤ ጥፋቱ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ትልልቆቹ መደንገጣቸውን ብቻ ነው የሚያውቀው። እናቲቱ አፉን ከፈተች፣ አሸተተችው፣ ደረቱ ላይ ጆሮዋን አደረገች። በሌላ እጇ ቦርሳዋን ገልብጣ ወለሉ ላይ ዘረገፈችው፣ ቁልፍ፣ መሐረብ፣ ሳንቲም፣ ከመሃሉ ልጁ ትንፋሽ ሲያጥረው የሚወጋበት፣ ወፍራም ብዕር የሚመስል መርፌ። መርፌውን አነሳች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። ለዚህ ነገር ተዘጋጅታ የምትኖር ሴት እጅ ነው። ቴፕ ግን በሩ ሥር ተቀመጠች።

"ተናገር ልጄ፣ አልቆጣህም። ኬኩን ልሰሃል?"

"ብስኩት ነው የበላሁት" አለ ልጁ።

"ታዲያ ይሄን ማን ነው የነካው?"

ከዚያ ከጠረጴዛው ማዶ፣ በአፍንጫ፤ "እሺ እሺ እሺ... እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ። ትንሽ ነው የቀመስኩት።"

እናቲቱ ወንድሟን አየችው። በሌላ ቀን ቢሆን ትገድለው ነበር፣ ዛሬ ግን ልትስመው የደረሰች ይመስል ዓይኗን ጨፈነች። መርፌውን ግን አላስቀመጠችም። ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ፊቱን እያየች፣ አንገቱን እያየች፣ "እስቲ ተንፍስ። በደንብ። አሁንም" እያለች ቆየች። ክፍሉ በሙሉ ከልጁ ጋር ተነፈሰ። ቴፕም ከበሩ ሥር እየተነፈሰች ነበር።

ልጁ መጨረሻ ላይ ሰለቸው። "ልሂድ ልዝለል?" አለ። ያን ጊዜ ነው ሴትዮዋ ያለቀሰችው።

አንዷ እናት ኬኩን ከነካርቶኑ አንስታ አወጣችው። ሻማዎቹ የት ይተከሉ ሲባል፣ ከምግቡ መሃል ሐብሐብ ተገኘ። ስድስቱን ሻማ ሐብሐቡ ላይ ሰኩት፣ ልጁ እፍ አለ፣ አጨበጨቡ። የቴፕ እጅ ግን ለጭብጨባ አልተነሳላትም።

ልትሄድ ስትል እናቲቱ ደረጃው ላይ ደረሰችባት። ቴፕ ምስጋና የምትሰማ መስሏት ነበር፣ ምንም ቢሆን ሮጣ መጥታለች።

"መልሳችሁልኛል ብዬ ነው እኮ" አለቻት ሴትዮዋ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ቁጣ የለበትም፣ ድካም ነው ያለው። "ሌሊቱን ሁሉ ስጠብቅ ነበር። ከዚያ ልቡን አየሁ። 'አይዞሽ፣ የለውም' ያላችሁኝ መስሎኝ ወንድሜን ላክሁት። ልጄ ያን ኬክ ሲያይ ሲስቅ ነበር፣ 'ኬኩ ያወራል' እያለ። ገጻችሁን ይወዳል።"

"ይቅርታ..." አለች ቴፕ።

"አላነበብሽውም፣ አይደል?"

ቴፕ መዋሸት ትችላለች። የማንንም ድምፅ አውጥታ የፈለገችውን ታሳምናለች። "አላነበብኩትም" አለች።

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀችና ተመልሳ ገባች። ይቅር አልኩሽም አላለች፣ አልምርሽምም አላለች።

ቴፕ ወደ ዳቦ ቤቱ ስትመለስ በሩ ተዘግቷል፣ መብራቱ ግን በርቷል። እትዬ ባንኮኒው ላይ ተቀምጣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፣ እንደሚያመልጥ ወፍ። ቴፕን ስታይ ዓይኗ ጠየቀ።

"አልበላም" አለች ቴፕ።

እትዬ ስልኩን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጋሼ መጋረጃውን ይዞ "እህ" አለ፣ የዚያን ቀን እህ ግን ረጅም ነበር፣ መጨረሻው የሚርገበገብ። ከዚያ ተመልሶ የቀረውን ክሬም በሙሉ ውሃ ለቀቀበት።

"ምስጢር አድርጊው ያልኩሽ እኔ ነኝ" አለች እትዬ። "አሁን ጻፊ። ቀልድ የሌለበት።" ቴፕ የኬኩን ጽሑፍ ኤዲት አድርጋ መጀመሪያው ላይ "ኦቾሎኒ አለበት" ብላ ጨመረች፣ ስቶሪም ላይ በትልቁ ጻፈችው። ጨዋታው አለቀ። ኦቾሎኒ ብሎ ቀድሞ የገመተው ሰው ቁራጩን ሊወስድ ሲመጣ የነገሩን ጫፍ ሰምቶ ኖሮ፣ ሳይወስድ ሄደ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጋሼ የሎሚ ኬክ ሠራ። እትዬ ስልኩን ለቴፕ አቀበለቻት። ቴፕ አልተቀበለችም።

"ሌላ ሰው ይጻፈው እትዬ። እርስዎ ይጻፉት። በአክብሮት እንገልጻለን ይበሉ፣ ምን አለበት?"

"የቀብር ማስታወቂያ ነው ብለሽኝ የለ?"

"ቀብር እንዳይመጣ ነው እኮ።"

"ያ ልጅ ኬኩ ያወራል ብሎ ነበር አላልሽኝም?" አለች እትዬ። "ይናገራ እንግዲህ። ግን የሚያውቀውን ሁሉ ይናገር።"

ቴፕ ስልኩን ወሰደች። ከዚያ ወደ መጋረጃው ኋላ ሄዳ ከጋሼ አጠገብ ቆመች። "ጋሼ፣ ምን ምን አለው?" ጋሼ ቆጠረላት፤ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ሎሚ። "ኦቾሎኒ የለውም አይደል?" አለች፣ ጥያቄው በሴትዮዋ ድምፅ እንደወጣባት ራሷን ሰማች።

"የለውም።" ጋሼ መምቻውን አነሳና አየው። "ግን ማሽኑ ያው ነው።"

"ማለት?"

"ባለፈው የመታነው በዚሁ ነው። አጥቤዋለሁ። ግን ያው ነው።"

ቴፕ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ጽፋ አጠፋች፣ ጽፋ አጠፋች። ቀልዱ አልመጣ አለ፣ ሲመጣ ደግሞ ፈራችው። መጨረሻ ላይ እንዲህ ወጣ፦

"ሰላም ጎረቤቶች! እኔ የሎሚው ኬክ ነኝ 🍋 ስሜ ይኮመጥጣል እንጂ ፊቴን አላኮሳትርም። እኔ ሆዴ ውስጥ ምስጢር መያዝ አልችልም፣ ሁሉንም ልናገር፦ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ሎሚ። በቃ። ኦቾሎኒ የለብኝም፣ ግን ኦቾሎኒ በተመታበት ማሽን ነው የተመታሁት፣ ስለዚህ ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው ካለ እባካችሁ እኔን አይብላኝ፣ ከሩቅ ይየኝ፣ አልቀየምም። ሌላ መጠየቅ የፈለጋችሁ ጠይቁኝ፣ ቃል በቃል እመልሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ!"

ለጥፍ የሚለውን ከመጫኗ በፊት ጮክ ብላ ለጋሼ አነበበችለት፣ ከዚያ ለእትዬ፣ ከዚያ ለራሷ። ጫነችው። ወዲያው እጇን ከስልኩ ላይ እንደ ትኩስ ትሪ አነሳች።

መጀመሪያ የመጣው ኮሜንት ከማታውቀው ሰው ነበር። "እናቴ ስኳር አለባት፣ ስንት ማንኪያ ነው የገባበት?" ይላል።

ጣቷ በልማድ ወደ ልቡ ሄደች። ልቡ ላይ ሳትደርስ ቆመች። ቴፕ ከበርጩማው ተነሳች፣ ስልኩን እንደሞላ ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፋችው።

"ጋሼ" አለች። "ሰው እየጠየቀ ነው።"